የአሥረኛው ነጥብ ፍጥነት

ይታያል ቂሙን እንደሚጠብቀው የላብራቶሪ ዕቃ በተራ ቁጥር የሚይዝ ሰው ነበር። በወረቀት ባያሰፍረውም ቅደም ተከተሉን አይስተውም። ሰባተኛው ላይ በሠርጉ ቀን ጠጁን ጨርሰው «ሙሽራው ለምን ከሳ?» ያሉት የሚስቱ አጎት አሉ። አራተኛው ላይ ስሙን ሁልጊዜ አሳስቶ የሚጽፈው የቀበሌ ጸሐፊ አለ። አንደኛው ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከዙፋኑ አልወረደም፤ እሳቸውም መምህር ገብረ ክርስቶስ ነበሩ፣ በሞጣ የአሥራ አንደኛ ክፍል የፊዚክስ አስተማሪው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህሩ አንድ ቀን ጠመኔ ከፍ አድርገው ይዘው ለቀቁት። ጠመኔው ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ። ከዚያ፣ «መንገዱን ባጋመሰባት በዚያች ቅጽበት ፍጥነቱ ስንት ነበር?» ብለው ጠየቁ። ይታያል እጁን አወጣ። በሕይወቱ አስቦበት እጁን ያወጣው ያን ቀን ብቻ ነው ቢባል ብዙ አልተዋሸበትም። ፍጥነት ማለት ርቀት ለጊዜ ሲካፈል ነው፤ በአንዲት ቅጽበት ውስጥ ጠመኔው የሚሄደው ርቀት ዜሮ ነው፤ ቅጽበቷም ርዝመት የላትም፣ ዜሮ ናት፤ ዜሮ ለዜሮ ደግሞ ምንም ነው፤ ስለዚህ ጠመኔው በዚያች ቅጽበት ቆሟል አለ።

መምህሩ የጠመኔውን ስብርባሪ አዩ፣ ልጁን አዩ።

«ከቆመ ታዲያ ማን ሰበረው?»

ክፍሉ ፈነዳ። ከኋላ የተቀመጠው ታዘበው የሚባል ልጅ ከሳቁ ብዛት ከአግዳሚው ላይ ወደቀ። ይታያልም ያኔ ረጅም፣ ቀጭንና ነጣ ያለ ስለነበር ስሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጠመኔ» ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ማትሪክ ወደቀ። እርግጥ ነው፣ የወደቀው በሒሳብም፣ በእንግሊዝኛም፣ ሌላው ቢቀር በአማርኛም ነው፤ እሱ ግን የሁሉንም ጥፋተኛ በፊዚክስ ክፍል ውስጥ አግኝቶታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የተወጋው ደግሞ ቁስሉን በየቀኑ እየገለጠ የሚያይ ከሆነ መቼም አይድንም፤ ይህን ግን የሚነግረው አላገኘም። ሚስቱ ስንዱ ብዙ ጊዜ ብትነግረውም እሷን በሰው አልቆጠራትም።

ቢቸና የገባው ስንዱን አግብቶ ነው። እዚያ ባለ ትምህርት ቤት ሰባት ዓመት በር ጠበቀ። ከዕለታት አንድ ቀን የላብራቶሪው ቁልፍ ጠፍቶ መምህራኑ ሲንጫጩ እሱ በሚስማር ከፈተላቸው። በዚያው ውስጥ ገብቶ በጠርሙሶቹ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሲያነብ ርእሰ መምህሩ አዩት፤ ቁልፉንም በተጠባባቂነት ሰጡት። ከቁልፉ ጋር ነጭ ጋዋን መጣ። ይታያል ጋዋኑን ለብሶ ገበያ መውጣት ስለሚያበዛ የገጠር እናቶች የልጆቻቸውን እከክ እየገለጡ ያሳዩት ነበር። እሱም ጐንበስ ብሎ አይቶ፣ «ጤና ጣቢያ ውሰዱት» ይላቸዋል። ይህ ምክር ስህተት ስለሌለበት ሐኪም አለመሆኑን መናገር አስፈላጊ ሆኖ አልታየውም።

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ከኖረ በኋላ ደብዳቤ መጣ። በተጠባባቂነት የሚሠሩ የላብራቶሪ ሠራተኞች ሁሉ ሞጣ ሄደው የተግባር ምዘና ይውሰዱ ይላል። ያለፈ በቦታው ይጸናል፤ ያላለፈ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል። የይታያል የቀድሞ ሥራ በሩ ነው። ጋዋን አውልቆ፣ ቁልፍ መልሶ፣ ዘጠኝ ዓመት «ጋሽ ይታያል፣ ማይክሮስኮፑን ያውጡልን» ሲሉት ለነበሩ መምህራን ቦርሳ መፈተሽ ማለት ነው።

ደብዳቤውን ያነበበችለት ምሥራቅ ናት፤ ከወሊሶ ተመድባ የመጣች ወጣት የፊዚክስ መምህርት። እሱ ማንበብ አቅቶት አይደለም፤ መነጽሩን ቤት ረስቶ ነው። የምዘናው ሥራ አንድ ብቻ መሆኑን ነገረችው፦ ቲከር ታይመር በምትባለው መሣሪያ የሚወድቅን ብረት መዝግቦ፣ በአሥረኛው ነጥብ ላይ የነበረውን ፍጥነት ማግኘት። ከዚያ የመዛኙን ስም አነበበች።

«ማን አልሽኝ?»

«መምህር ገብረ ክርስቶስ። ያውቋቸዋል?»

ይታያል አላውቃቸውም አለ። ሌሊቱን ግን ሲገላበጥ አደረ፤ ከፍርሃት ይልቅ ከደስታ። ስንዱ ምን ሆነሃል ብትለው ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቀውን ቀን እግዜር እጁ ላይ እንደጣለለት ነገራት። እሷም ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው፤ አንተ ቁልፍህን አትርፍ አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

በማግስቱ ከምሥራቅ ጋር መሣሪያዋን ከሳጥኗ አወጡ። ቲከር ታይመር ከትራንስፎርመር ጋር ተያይዛ በሴኮንድ ሃምሳ ጊዜ የምትንቀጠቀጥ መዶሻ ያላት ትንሽ ነገር ናት። ከመዶሻዋ ሥር ካርቦን ወረቀት አለ፤ ከካርቦኑ ሥር ቀጭን የወረቀት ጥብጣብ ያልፋል። የጥብጣቡ ጫፍ ላይ ብረት ይታሰርና ይለቀቃል። ብረቱ ሲወድቅ ጥብጣቡን ይጎትታል፤ መዶሻዋም ነጥብ እየጣለች ትሄዳለች። ከአንዱ ነጥብ እስከሚቀጥለው የሴኮንድ ሃምሳኛ ነው፤ በሌላ አነጋገር ሁለት መቶኛ። ብረቱ ቀስ ሲል ነጥቦቹ ይጠጋጋሉ፣ ሲፈጥን ይራራቃሉ። ይታያል ይችን መሣሪያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አቧራዋን ጠርጎላታል፤ ምን እንደምትል ግን ጠይቋት አያውቅም።

ምሥራቅ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሰረቻት፤ ብረቱን ለቀቀች፤ ጥብጣቡን ዘረጋች። አሥረኛውን ነጥብ በቀይ እስክርቢቶ ከበበችውና አሠራሩን ነገረችው። ከዚያ ነጥብ ተነስቶ ሩቅ ድረስ ያለውን ርቀት ለክቶ ለጊዜው ማካፈል፤ ያ አማካይ ፍጥነት ነው፤ ግን የአሥረኛው ነጥብ ፍጥነት አይደለም፤ ብረቱ በመንገድ ላይ እየፈጠነ ስለሄደ በዝቷል። ስለዚህ ጊዜውን ማሳጠር፣ እንደገና ማሳጠር። ከነጥቡ በኋላ ባለው ብቻ ሳይሆን ከነጥቡ በፊት ባለውም እንዲሁ ማድረግ።

«ሁሉንም ይጻፉት፣ ጋሽ ይታያል። አንዷን ብቻ ይዘው አይሂዱ።»

ይታያል ለካ፣ አካፈለ፣ ጻፈ። ቁጥሮቹ ትንሽ ትንሽ እየወረዱ መጡ። እሱ ግን በዓይነ ሕሊናው ሌላ ነገር ያያል። ጥብጣቡ በመቀስ እያጠረ ሲሄድ ያያል። በመጨረሻ በአሥረኛውና በአሥራ አንደኛው ነጥብ መካከል ያለው ጣት የማትሞላ ቁራጭ ብቻ ቀረች። ያችን ቁራጭ ለሁለት ቢቆርጣት፣ ከዚያም ለሁለት፣ ከዚያም ለሁለት፣ በመጨረሻ ምን ይቀራል? ወረቀትም የለ፣ ጊዜም የለ። ዜሮ ለዜሮ። ይህን በመምህር ገብረ ክርስቶስ ዓይን ፊት አድርጎ፣ ባዶውን መቀስ አንስቶ፣ «ይኸው ጌታዬ፣ አሁን ማን ሰበረው?» ይላቸዋል።

መቀሱን ሲያነሳ ምሥራቅ ጥብጣቡ ለተማሪ እንደሚያስፈልግ ነግራ ቀማችው። ልትገልጽለትም አፏን ስትከፍት ደወል ተደወለና ወደ ክፍሏ ሮጠች። ይታያልም ሊሰማ ያልፈለገውን ባለመስማቱ ደስ አለው። የቤቱን መቀስ ግን በወረቀት ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ከተተ።

ሞጣ የደረሰው ደብረ ወርቅን አልፎ፣ በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ከአንድ ዶሮ ጋር እየተጋፋ ነው። ዶሮዋን በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ንግግሩን አሰማት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሻል ነበር።

የምዘናው ክፍል አሥራ ሁለት ጠረጴዛ አለው። በየጠረጴዛው አንዲት መሣሪያ፣ አንድ ጥብጣብ፣ አንድ ማስመሪያ፣ አንድ ምላጭ፣ አንድ ሙጫ። ጥብጣቡ ከተለካ በኋላ በየነጥቡ ይቆረጥና ቁራጮቹ በቅጹ ላይ ተለጥፈው ይቀርባሉ። መምህር ገብረ ክርስቶስ በበሩ ገቡ። ይታያል ያዘጋጀው ጠላት ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ነጐድጓድ ነበር። የገቡት ግን ኮታቸው የሰፋቸው፣ ሲራመዱ ጠረጴዛ የሚደግፉ ሽማግሌ ናቸው። ስም ጠሩ። የእሱ ስም ላይ ሲደርሱ ደረቱን ነፋ። እሳቸውም በመነጽራቸው በላይ አየት አደረጉትና፣ «ጋዋንህን ቆልፈው፣ ብረቱ ይይዝብሃል» ብለው አለፉት።

አላወቁትም።

ሃያ ስድስት ዓመት በደረቱ ያሳደራቸው ሰው፣ እንደ ጡት ልጅ ሌሊት ሌሊት እየተነሳ ያባበላቸው ሰው፣ ጋዋኑ አለመቆለፉን ብቻ አዩ። ይታያል በንዴት ቆለፈው፤ አንድ ቁልፍ አሳስቶ።

ብረቱን ለቀቀ። ጥብጣቡ ጥሩ ወጣ። አሥረኛውን ነጥብ ከበበ። ከዚያ ምሥራቅ እንዳለችው ለካ። ከአሥረኛው እስከ ሃያኛው ነጥብ 57 ሳንቲ ሜትር፤ ጊዜው ሃያ መቶኛ ሴኮንድ፤ አማካዩ በሴኮንድ 2.85 ሜትር። እስከ አሥራ አምስተኛው 23.8 ሳንቲ፤ በአሥር መቶኛ፤ 2.38። እስከ አሥራ ሁለተኛው 8.4 ሳንቲ፤ በአራት መቶኛ፤ 2.10። እስከ አሥራ አንደኛው 4 ሳንቲ፤ በሁለት መቶኛ፤ 2.00። ከነጥቡ በፊት ያለውንም ለካ፤ ከአምስተኛው ነጥብ 1.43፣ ከስምንተኛው 1.70፣ ከዘጠነኛው 1.80። ጥብጣቡን በየነጥቡ ቆርጦ ቁጥሮቹን በግራና በቀኝ ደረደራቸው፤ ግን አላያቸውም። ሰው ሠርግ ሊያፈርስ ሲሄድ የመንገዱን አበባ እንደማያይ ማለት ነው።

መምህሩ ወደ ጠረጴዛው ሲጠጉ ጠብቆ የቤቱን መቀስ አወጣ። አራት ሳንቲዋን ቁራጭ አንስቶ ከመሃል ቆረጣት። ሁለት ሳንቲ፤ በአንድ መቶኛ ሴኮንድ፤ 2.00። እንደገና ቆረጣት። አንድ ሳንቲ፤ በግማሽ መቶኛ፤ 2.00። እንደገና። ግማሽ ሳንቲ፤ 2.00። ወደ ዜሮ ይወርዳል ያለው ቁጥር እንደ ቢቸና በቅሎ አንድ ቦታ ተገትሮ ቀረ። ይባስ ብሎ፣ ቁጥሩ ሲወርድ ሲወርድ መጥቶ አሁን ከቆመ መልሱ ምንድን ነው? እዚሁ 2.00 ነው? ታዲያ ከነጥቡ በፊት ያለው 1.80 ምን ሊሆን ነው? ብረቱ ነጥቡን ሲነካ ዘለለ እንዴ?

መምህር ገብረ ክርስቶስ ከኋላው ቆመዋል። ትንሿን ቁራጭ በእርጥብ ጣታቸው አጣብቀው አንስተው አዩዋት።

«ይህች ስንት ጊዜ ናት?»

«ሩብ መቶኛ ሴኮንድ፣ ጌታዬ።»

«ማን ነገረህ?»

«ሁለት መቶኛውን ስምንት ቦታ ቆረጥሁት።»

«የቆረጥኸው ወረቀቱን ነው» አሉ፤ ቁራጯንም ከቦታዋ መለሷት። «ጊዜውን ማን ቆረጠልህ?»

አጠገብ ያለው ተመዛኝ፣ ከአምበር የመጣ ወፍራም ሰው፣ ሳቁን በሳል ደበቀ። ይታያል ጆሮው ነደደ። ያው ሰውዬ፣ ያው ሳቅ፣ ያው ከተማ፤ የጎደለው ጠመኔው ብቻ ነው። መምህሩ አሥር ደቂቃ እንደቀረ አስታውቀው ወደ ሌላው ጠረጴዛ ሄዱ።

አሥር ደቂቃ። ይታያል በሩን አየ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሰገባው ውስጥ እንዳለ ጎራዴ ዱላውን ታቅፎ በርጩማ ላይ ያንቀላፋል። ዱላው ያው ነው፤ ዱላ ሁሉ ያው ነው። በርጩማውም ያው ነው፤ አንዱ እግሩ አጭር። ይታያል የዚያን በርጩማ ቅዝቃዜ ከሰባት ዓመት ልምድ ያውቀዋል። ያን ጊዜ ቂሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሱ ቀድሞ ፈራ፤ ዝም ብሎ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። የሰውዬው ጥያቄ ብቻ ቀረ። ጊዜውን ማን ቆረጠው?

ቁራጮቹን አያቸው። ከአሥረኛው በፊት ያለችው 3.6 ሳንቲ ናት፤ በኋላ ያለችው 4። ብረቱ በየቁራጩ እየጨመረ ነው። ታዲያ በየቁራጩ የሚጨምር በቁራጩ ውስጥስ ይቆማል? አይቆምም። በአራት ሳንቲዋ ውስጥ መጀመሪያውን ሲያዘግም መጨረሻውን ፈጥኗል። ወረቀቷ እኩል ብትከፈልም የፊተኛው ግማሽ ጥቂት ረዘም ያለ ጊዜ ወስዷል፣ የኋለኛው ጥቂት አጠር ያለ። ጊዜ የምትቆርጠው መዶሻዋ ብቻ ናት፤ ነጥብ ካልጣለች መቀስ ምንም አያውቅም። እሱ ግን ወረቀቱንም ጊዜውንም እኩል ገመሰና ብረቱ በዚያች ቁራጭ ውስጥ አልፈጠነም ብሎ በራሱ ሥልጣን ወሰነ። ስለዚህ ነው 2.00 አልነቃነቅ ያለው፤ ራሱ ቸንክሮት።

የተቆራረጡትን ወደ ጎን ገፋቸው። ወደ ደረደራቸው ቁጥሮች ተመለሰ፤ አሁን አያቸው። በቀኝ በኩል ያሉት 2.85፣ 2.38፣ 2.10፣ 2.00 እያሉ ይወርዳሉ። በግራ በኩል ያሉት 1.43፣ 1.70፣ 1.80 እያሉ ይወጣሉ። አንዱ ወገን ከላይ፣ አንዱ ወገን ከታች፤ ከደብረ ወርቅና ከሞጣ ተነስተው አንድ ድልድይ ላይ እንደሚገናኙ ሁለት ሠርገኞች። ጊዜው በሁለት መቶኛ ባጠረ ቁጥር በቀኝ አሥር መቶኛ ያህል ይወርዳል፣ በግራ ያንኑ ያህል ይወጣል። መሣሪያዋ ከሁለት መቶኛ በታች አትናገርም፤ ግን ሰዎቹ ወዴት እንደሚሄዱ ለማወቅ ድልድዩ ላይ እስኪደርሱ መጠበቅ ያስፈልጋል እንዴ? ከ2.00 አሥር መቶኛ ሲቀነስ፣ በ1.80 ላይ አሥር መቶኛ ሲጨመር፤ 1.90። አሥረኛው ነጥብ ላይ ማንም አልለካም፤ ማንም ሊለካ አይችልም፤ ሁሉም ግን ወደዚያው ነው የሚሄደው።

እስክርቢቶውን ይዞ ፈዘዘ። ለካ ያን ጊዜም ጠመኔው አልቆመም ነበር። ርቀቱም ያንሳል፣ ጊዜውም ያንሳል፤ ሁለቱ ግን ተያይዘው ስለሚያንሱ ሲካፈሉ የሚወጣው ወደ ዜሮ አይወርድም፤ ወደ አንድ ቁጥር ይሰበሰባል። ፍጥነቱ ያ የሚሰበሰቡበት ቁጥር ነው። እሱ ዜሮው ላይ ቀድሞ ሄዶ፣ ባዶ ቤት ገብቶ፣ ሰው የለም ብሎ ሃያ ስድስት ዓመት በሩ ላይ ተቀምጧል። በር መጠበቅ ዕድሉ ነው እንግዲህ።

1.90 ብሎ ጻፈ። ከሥሩም ምክንያቱን በሚችለው አማርኛ አሰፈረ፤ ምሥራቅ ባሳየችው የመጽሐፍ ስሌት 1.96 መሆን እንደነበረበትና ጥብጣቡ በመሣሪያዋ ውስጥ እየተሻሸ ብረቱን ጥቂት እንደያዘው ጭምር። የመቀሱን ቁርጥራጭ ሳይለጥፍ ኪሱ ከተተው። ለመለጠፍ የቀረችው ከአሥረኛው እስከ አሥራ አንደኛው ያለችው ቦታ ባዶ ሆና ስለታየች፣ ከጎኗ «በስህተት ተቆርጣለች፤ ቀድማ ግን ተለክታለች» ብሎ ጻፈ። ሰው ቂሙን በደንብ መዝግቦ መያዙ ለአንድ ቀን ጠቀመ፤ ሁሉን የመመዝገብ ልማዱ አልተወውም።

ከዚያ አንድ በአንድ እየተጠሩ መምህሩ ፊት ቀረቡ። ይታያል ሲቀመጥ መምህር ገብረ ክርስቶስ ቅጹን አነበቡ፤ ባዶዋ ቦታ ላይ ቆየት አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው እያሹ ጠየቁ።

«በቅጽበቷ ውስጥ ርቀቱ ዜሮ ነው፣ ጊዜውም ዜሮ ነው። ታዲያ ብረቱ ቆሟል አይባልም?»

ይታያል የራሱን ጥያቄ ከሰው አፍ ሲወጣ ሰማ። ጥያቄው አርጅቷል፣ ጠረኑ ግን ያው ነው።

«አይባልም፣ ጌታዬ። ዜሮውን አናካፍልም። ጊዜውን እያሳጠርን ሲካፈል የሚወጣው ቁጥር ወዴት እንደሚጠጋ እናያለን። ከፊትም ከኋላም ወደ አንድ ቁጥር ከተጠጋ፣ ፍጥነቱ እሱ ነው። ብረቱ ቢቆም ኖሮ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይሄድ ነበር፤ ወደ ዜሮ አልሄደም።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው ጥርስ የጎደለው ነበር፤ ይታያል ይህንን በሃያ ስድስት ዓመት ንግግሩ ውስጥ አላካተተውም።

«ይህን ጥያቄ ለሁሉ እጠይቃለሁ» አሉ። «የእኔ ግን አይደለም። ከሌላ ትምህርት ተዛውሬ ፊዚክስ ማስተማር በጀመርሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ልጅ እዚሁ ሞጣ አመጣብኝ። መልሱን አላውቀውም ነበር። ቀመሩን ሸምድጄ ነው የገባሁት። ስለዚህ ቀለድሁበት፣ ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም አመለጥሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ እስክረዳው ድረስ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ላስረዳው ስል ደግሞ አፈርሁ። እንደዚያ ያለ ልጅ ከዚያ በኋላ አልገጠመኝም።»

ይታያል ሃያ ስድስት ዓመት የለመነው ዕዳ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተከፍሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ማን ይባል ነበር፣ ጌታዬ?»

«ታዘበው።»

ይታያል ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ።

«ታዘበው አልነበረም» አለ።

«ታውቀዋለህ እንዴ?»

«ታዘበው ከኋላ ተቀምጦ የሚስቀው ነው። ከአግዳሚው ላይ የወደቀው። ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጠመኔ ያሉኝ እኔ ነኝ።»

መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። ከጠጉሩ እስከ ተዛነፈው የጋዋኑ ቁልፍ፣ ከቁልፉም ከኪሱ ብቅ እስካለው የቤት መቀስ። ይታያልም ቀጥ ብሎ ራሱን አስረከበ፤ በሕይወቱ እንዲህ ተስተካክሎ የታየ አይመስለውም።

«አይ» አሉ በርኅራኄ። «አንተ አይደለህም። ያ ልጅ እሳት ነበር። አንተ ግን ጠንቃቃ ነህ፤ ስህተትህን ትጽፋለህ። ለላብራቶሪ የሚያስፈልገው እንዳንተ ያለው ነው።»

ቅጹ ላይ «ብቁ» ብለው ጻፉ፤ ፈረሙ፤ የሚቀጥለውን ጠሩ።

ሊከራከር አፉን ከፍቶ ነበር። ምስክር ያስፈልጋል፤ ምስክሩ ደግሞ ታዘበው ነው። ቅጹን አየ፤ ፊርማው ገና አልደረቀም። አፉን ዘጋ፤ ጐንበስ ብሎ እጅ ነስቶ ወጣ። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ነቅቶ ሻንጣውን ፈተሸና ከኪሱ ብቅ ያለውን አይቶ መቀስ ወዴት ነው አለው። የላብራቶሪ ዕቃ ነው አለ ይታያል፤ ጠዋት ቢለው ውሸት ነበር፤ አሁን ግን ሙከራ ተሠርቶበታል።

ወደ ቢቸና ሲመለስ መስኮት አጠገብ ተቀመጠ። ደስ ሊለው ይገባል፤ ቁልፉ ተርፏል፣ በርጩማውም ቀርቶለታል። ሆዱ ግን ባዶ ነው፤ ከመዝገቡ አንደኛ ቁጥር ተሰርዟል። ሰውዬው ይቅርታ ጠየቁ፤ ያውም በደንብ። ለሌላ ሰው ስለሆነ ግን ይቅርታ ተቀበልሁ ለማለት አልተመቸውም፤ አልተጠየቅሁም ለማለትም አልተመቸውም። ደብረ ወርቅ ከመድረሳቸው በፊት ታዘበው በሰላም ወደ አንደኛው ቦታ ወጣ።

ማታ ስንዱ ሁሉን ሰምታ፣ እራቱን አቅርባ፣ ታዘበው አሁን የት እንዳለ ጠየቀችው። ሉማሜ የእህል ወፍጮ አለው ሲባል ሰምቷል።

«እሱስ ያስታውስህ ይሆን?»

ይታያል እንጀራውን ቆርሶ ወጡ ውስጥ ነከረ። ይህን አላሰበበትም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ላብራቶሪውን ከፈተ። ምሥራቅ ምን ሆኑ ብላ እየሮጠች መጣች። አለፍሁ አላት፤ መዛኙ ጠንቃቃ ነህ እንዳሉት ነገራት፤ እሳት ያሉት ሌላ ሰው መሆኑን ዘለለው። ከዚያ ከኪሱ ግማሽ ሳንቲዋን ቁራጭ አውጥቶ መዳፏ ላይ አደረገላት።

«ይህች ስንት ጊዜ ናት?» አለ።

ምሥራቅ አገላብጣ አየቻት። አንድም ነጥብ የለባትም።

«ይህችማ አትታወቅም፣ ጋሽ ይታያል።»

«ለተማሪዎቹ እንደዚያው ንገሪያቸው» አላትና ጋዋኑን ቆለፈ፤ ዛሬ ሳያሳስት።